የማትሪክስ ብዜት ምርጫ ከማጥቆር በፊት፦ መጠንንና ቅደም ተከተልን የመፈተሽ አሠራር

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮየ ፈጨና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ወለል ላይ በተከፈቱት የማስጠኛ ክፍሎች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ የሚያስጠና ሰው፣ የማትሪክስ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሳይቆይ የሚያስተውለው ነገር አለ። ተማሪዎቹ ማባዛትና መደመር አይሳናቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሮቻቸው ትክክል ናቸው። ስሕተቱ የሚገባው ከስሌቱ በፊት ወይም ከስሌቱ በኋላ ነው። ከስሌቱ በፊት፣ ጥያቄው AB ብሎ ሳለ BA አድርገው ይጀምራሉ፤ 3 × 5 እና 5 × 3 አንድ መሆናቸውን ከልጅነታቸው ስለሚያውቁ ቦታ መቀያየሩ ለውጥ ያመጣል ብለው አይጠረጥሩም። ከስሌቱ በኋላ ደግሞ ያገኟቸውን ቁጥሮች የያዘ ምርጫ ሲያዩ፣ ቁጥሮቹ በስንት ረድፍና በስንት ዓምድ እንደተደረደሩ ሳይመለከቱ ያጠቁሩታል። ፈተና አውጪው እነዚህን ሁለት ልማዶች ጠንቅቆ ስለሚያውቅ የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያዘጋጀው ከእነሱ ተነሥቶ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ማትሪክስ ማባዛት ለሚችል፣ ነገር ግን ምርጫ ላይ ለሚሳሳት ተማሪ የተዘጋጀ ነው።

ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር መጠኑን መጻፍ

ጥያቄው ተነቦ እንዳለቀ፣ አንድም ቁጥር ከማባዛት በፊት፣ ከእያንዳንዱ ማትሪክስ ሥር መጠኑ ይጻፋል። መጀመሪያ የረድፉ ብዛት፣ ቀጥሎ የዓምዱ ብዛት ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል መቼም አይገለበጥም። ከዚያ ፊደሎቹ በተጠየቀው ተራ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አራት ቁጥሮች ይሰለፋሉ። መካከል ላይ የሚገናኙት ሁለቱ እኩል ከሆኑ ብዜቱ አለ፤ እኩል ካልሆኑ ግን ብዜቱ የለም። ብዜቱ ካለ ደግሞ ዳርና ዳር የቀሩት ሁለት ቁጥሮች የመልሱ መጠን ናቸው። ቀጥሎ ያለውን ምሳሌ እንመልከት።

```
A = | 1  0  2 |      B = | 2  1 |
    | 3  1  0 |          | 0  4 |
                         | 1  0 |
```

A 2×3 ነው፤ B 3×2 ነው። ጥያቄው «AB ከሚከተሉት የትኛው ነው?» ቢል፣ መካከል ላይ 3 እና 3 ስለሚገናኙ ብዜቱ አለ፤ መልሱም 2×2 ነው። ምርጫዎቹ እንደሚከተለው ቀርበዋል እንበል።

```
ሀ)  | 5   1  4 |     ለ)  | 4  1 |
    | 12  4  0 |         | 6  7 |
    | 1   0  2 |

ሐ)  | 4  6 |         መ)  ብዜቱ የለም
    | 1  7 |
```

ምርጫ ሀ የዘፈቀደ ቁጥሮች ስብስብ አይደለም። ከ BA ስሌት በትክክል የሚገኘው ማትሪክስ ነው፤ ቦታ ቀያይሮ ያባዛ ተማሪ ምንም የስሌት ስሕተት ሳይሠራ ወደዚህ ይደርሳል፤ ቁጥሮቹን በምርጫዎቹ መካከል ስለሚያገኛቸውም ልክ የሠራ ይመስለዋል። መጠኑን አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ ግን ባለ 3×3 ምርጫ 2×2 ለሆነ ብዜት መልስ ሊሆን እንደማይችል ስለሚያውቅ፣ ሀን ሳያሰላ ይሰርዘዋል። መካከለኞቹ ቁጥሮች እኩል ስለሆኑ መም እንዲሁ ይሰረዛል።

የቀሩት ለ እና ሐ ሁለቱም 2×2 ስለሆኑ መጠን ከዚህ በላይ አይለያቸውም። እዚህ ላይ ሙሉውን ብዜት መሥራት አያስፈልግም፤ ሁለቱ የሚለያዩበትን አንድ ቦታ መርጦ እሱን ብቻ ማስላት ይበቃል። 4 እና 7 በሁለቱም ምርጫዎች አንድ ቦታ ላይ ስለሚገኙ እነሱን ማስላት አይለይም። ልዩነቱ ያለው ከዳያጎናሉ ውጭ ስለሆነ፣ በአንደኛው ረድፍ በሁለተኛው ዓምድ የሚቀመጠው ቁጥር ይሰላል። የ A አንደኛ ረድፍ 1፣ 0፣ 2 ነው፤ የ B ሁለተኛ ዓምድ 1፣ 4፣ 0 ነው፤ ስለዚህ 1×1 + 0×4 + 2×0 = 1 ይሆናል። መልሱ ለ ነው። ሐ የ AB ትራንስፖዝ ነው፤ ረድፍ መጻፍ ሲገባው በዓምድ ለሚጽፍ ተማሪ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው።

ከዳያጎናል ውጭ ያለ ቁጥር እንዲመረጥ የተባለው ትራንስፖዝ ዳያጎናሉን ስለማይነካ ብቻ አይደለም። የ AB ዳያጎናል ድምር 4 + 7 = 11 ነው፤ የ BA ዳያጎናል ድምርም 5 + 4 + 2 = 11 ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ AB እና BA ሁለቱም በሚኖሩበት ጊዜ ሁሉ የዳያጎናላቸው ድምር እኩል ነው። ስለዚህ ማትሪክሶቹ የቱንም ያህል ቢለያዩ፣ የዳያጎናልን ድምር ቅደም ተከተልን ለማረጋገጥ መጠቀም አይቻልም።

ቁጥሮቹ አንድ፣ ቅርጹ ሌላ ሲሆን

ተማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የምርጫ ዓይነት፣ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች ይዞ ቅርጹ ብቻ የተለወጠው ነው። አንድ ነጋዴ ለሁለት የግንባታ ቦታዎች፣ አንዱ ኮየ ፈጨ ሌላው ገላን፣ ብሎኬት በቁጥር፣ ሲሚንቶ በኩንታል፣ አሸዋ በሜትር ኩብ ያቀርባል እንበል። ብዛቱ በ Q፣ የአንዱ ዋጋ በብር በ P ተቀምጧል። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

```
        ብሎኬት  ሲሚንቶ  አሸዋ
Q = |   500    12     4  |   ኮየ ፈጨ
    |   800    20     6  |   ገላን

P = |   30 |   ብሎኬት
    | 1500 |   ሲሚንቶ
    | 1000 |   አሸዋ
```

Q 2×3፣ P 3×1 ስለሆነ QP 2×1 ነው። የኮየ ፈጨው ወጪ 15000 + 18000 + 4000 = 37000 ብር፣ የገላኑ ደግሞ 24000 + 30000 + 6000 = 60000 ብር ይሆናል። በምርጫዎቹ ውስጥ ግን አንደኛው ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ዓምድ ወደ ታች፣ ሌላው በአንድ ረድፍ ወደ ጎን ጽፎ ያቀርባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ደምሮ 97000 የሚል አንድ ቁጥር ያስቀምጣል።

«ቲቸር፣ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው እኮ፤ ወደ ጎን ቢጻፍ ወደ ታች ቢጻፍ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም «ሕጉ ነው» ከማለት የተሻለ መሆን አለበት። ወደ ጎን የተጻፈው ማትሪክስ 1×2 ነው፤ QP ደግሞ ከዳርና ከዳር ቁጥሮቹ እንደታየው 2×1 ነው፤ ሁለት ማትሪክሶች እኩል የሚባሉት መጠናቸውም በየቦታው ያለው ቁጥርም አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ ያ ወደ ጎን የተጻፈው ማትሪክስ የሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። ዋጋው በዓምድ ሳይሆን በረድፍ ቢሰጥ፣ ማለትም ከ P ይልቅ 1×3 የሆነው የ P ትራንስፖዝ ቢቀርብ፣ እሱን ከ Q ፊት አስቀምጦ ማባዛት አይቻልም፤ መካከል ላይ 3 እና 2 ይገናኛሉና። Q ራሱ ትራንስፖዝ ተደርጎ 3×2 ሲሆን ብቻ ብዜቱ ይኖራል፤ መልሱም 1×2 ሆኖ 37000 እና 60000ን ጎን ለጎን ይይዛል። በምልክት ሲጻፍ የሚከተለው ነው።

```
(QP)ᵀ = Pᵀ Qᵀ
```

ትራንስፖዝ ወደ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ የፊደሎቹ ተራ ይገለበጣል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ቀመር QᵀPᵀ ብለው የሚጽፉት ቦታ ለውጥ አያመጣም ከሚል እምነት ነው፤ መጠኑን ከሥር ቢጽፉ ግን Qᵀ 3×2፣ Pᵀ 1×3 ስለሆነ መካከል ላይ 2 እና 1 ተገናኝተው ብዜቱ እንደሌለ ወዲያው ይታያቸዋል። ቀመር የረሳ ተማሪ በዚህ መንገድ ተራውን መልሶ ሊያገኘው ይችላል።

መጠን በማይለይበት ጊዜ ስሞቹን መመልከት

ሁለቱም ማትሪክሶች 2×2 ሲሆኑ መጠን ምንም አይከለክልም፤ AB ም BA ም አሉ፤ ሁለቱም 2×2 ናቸው። የቃል ጥያቄ ከሆነ ግን ሌላ መለያ አለ፦ የፊተኛው ማትሪክስ ዓምዶች የሚቆጥሩት ነገርና የኋለኛው ማትሪክስ ረድፎች የሚቆጥሩት ነገር አንድ መሆን አለበት። ከላይ ያለውን ምሳሌ አሸዋውን ትተን ብሎኬትና ሲሚንቶ ብቻ እናስቀር፤ ዋጋውንም ከሁለት ሻጮች፣ አንዱ ገላን ሌላው ቃሊቲ፣ እንውሰድ።

```
Q = | 500  12 |      R = |   30    28 |   ብሎኬት
    | 800  20 |          | 1500  1600 |   ሲሚንቶ
                           ገላን   ቃሊቲ
```

የ Q ዓምዶች ብሎኬትና ሲሚንቶ ናቸው፤ የ R ረድፎችም ብሎኬትና ሲሚንቶ ናቸው። ስለዚህ QR ትርጉም አለው፤ ረድፉ የግንባታ ቦታ፣ ዓምዱ ሻጭ የሆነ የወጪ ሠንጠረዥ ይሰጣል።

```
QR = | 33000  33200 |      RQ = | 37400    920 |
     | 54000  54400 |           |   ...  50000 |
```

በ RQ ውስጥ ያለውን 920 ከየት እንደመጣ መመርመር ጠቃሚ ነው። 30×12 + 28×20 ነው፤ ማለትም የገላኑ ሻጭ የብሎኬት ዋጋ በኮየ ፈጨ የሲሚንቶ ብዛት ተባዝቶ፣ የቃሊቲ የብሎኬት ዋጋ በገላኑ ግንባታ የሲሚንቶ ብዛት ተባዝቶ የተደመረበት ነው። የብሎኬት ዋጋን በሲሚንቶ ኩንታል ማባዛት የምንም ነገር ወጪ አይሰጥም። መጠኑ ቢፈቅድም ይዘቱ አይፈቅድም፤ መጠን ብቻ አይቶ የሚረካ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ እዚህም የሁለቱ ዳያጎናል ድምር 87400 ሆኖ እኩል ነው፤ ቀደም ሲል የተባለውን ያስታውሳል።

ስም የሌላቸው፣ ፊደል ብቻ ይዘው የሚመጡ ጥያቄዎች ላይ ግን ይህ መለያ አይሠራም፤ እዚያ የሚቀረው ተራውን እንደተጻፈ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቀመር ሲፈታ፦ ከየትኛው ወገን እንደሚባዛ መወሰን

AX = B የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ከቁጥር ጋር የለመደ ተማሪ «B ሲካፈል ለ A» ብሎ ያስባል። በማትሪክስ ማካፈል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው በኢንቨርስ ማባዛት ነው፤ ኢንቨርሱም ከግራ ወይም ከቀኝ ሊባዛ ስለሚችል፣ ቦታው ውሳኔ ይጠይቃል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ኢንቨርሱ የሚገባው ሊያጠፋው ከሚፈለገው ማትሪክስ አጠገብ ሲሆን፣ በግራው ወገን ያለው የእኩልታ ክፍል ላይ የገባበት ጎን በቀኙም ወገን ላይ ያው ጎን መሆን አለበት። በ AX ውስጥ A ያለው ከ X በስተግራ ስለሆነ ኢንቨርሱ ከግራ ይገባል፤ ስለዚህ B ም ከግራው በኢንቨርሱ ይባዛል።

```
A = | 2  1 |     A⁻¹ = |  1  -1 |     B = | 3  1 |
    | 1  1 |           | -1   2 |         | 2  0 |

A⁻¹B = | 1   1 |       BA⁻¹ = | 2  -1 |
       | 1  -1 |              | 2  -2 |
```

ሁለቱም ማትሪክሶች በምርጫዎቹ ውስጥ እንደሚኖሩ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ከጥርጣሬ ለመውጣት ምርጫውን በ X ቦታ ተክቶ AX ማስላት በቂ ነው። የመጀመሪያው ሲተካ የላይኛው ረድፍ 2×1 + 1×1 = 3 እና 2×1 + 1×(-1) = 1 ይሆናል፤ የታችኛው 2 እና 0 ይሆናል፤ B ራሱ ነው። ሁለተኛው ሲተካ ገና የመጀመሪያው ቁጥር 2×2 + 1×2 = 6 ይሆናል፤ የሚፈለገው 3 ስለሆነ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው ግን ከንቱ አይደለም፤ XA = B የሚለው ሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ተማሪው የተጠየቀው AX ይሁን XA ዓይኑን ጥሎ ማየት አለበት፤ በችኮላ ንባብ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ።

B የቁጥር ዓምድ ብቻ፣ ማለትም 2×1 ሲሆን ነገሩ ይቀላል። A⁻¹B 2×2 ከ 2×1 ጋር ስለሆነ አለ፤ BA⁻¹ ግን 2×1 ከ 2×2 ጋር ሲሆን መካከል ላይ 1 እና 2 ስለሚገናኙ የለም። በባለ ሁለት ያልታወቀ የእኩልታ ሥርዓት ላይ ስለ ጎን የሚጨነቅ ተማሪ ካለ፣ መጠኑን ከሥር መጻፉ ብቻ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ሌላ መምታታት አለ። (AB)C እና A(BC) እኩል መሆናቸውን የሚያውቅ ተማሪ «እንግዲያውስ እንደፈለግሁ ማዘዋወር እችላለሁ» ይላል። የሚዘዋወረው ቅንፉ ብቻ ነው፤ ፊደሎቹ ከተሰለፉበት አይነቃነቁም። ABC ን ACB አድርጎ መጻፍ ቅንፍ ማዘዋወር ሳይሆን ተራ መለወጥ ነው።

«ሁልጊዜ እውነት የሆነው የቱ ነው?» ለሚል ጥያቄ

ይህ ዓይነት ጥያቄ ቁጥር አይሰጥም፤ ከቁጥር ሒሳብ የተወረሱ ቀመሮችን ደርድሮ የትኛው ለሁሉም 2×2 ማትሪክስ እንደሚሠራ ይጠይቃል። በጣም የሚለመደው (A + B)² = A² + 2AB + B² ነው። ትክክለኛው ማስፋፊያ ሲጻፍ ተራው ተጠብቆ እንዲህ ይሆናል።

```
(A + B)² = A² + AB + BA + B²
(A + B)(A - B) = A² - AB + BA - B²
```

AB እና BA ተደምረው 2AB የሚሆኑት፣ ወይም በሁለተኛው መስመር ተጣፍተው A² - B² የሚቀረው፣ AB = BA ሲሆን ብቻ ነው። ማስፋፊያውን ማስታወስ የሚያዳግተው ተማሪ ሁለት ጥቃቅን ማትሪክሶችን በቃሉ ቢይዝ እነሱ ያገለግሉታል።

```
E = | 0  1 |     F = | 0  0 |
    | 0  0 |         | 1  0 |
```

EF በላይ በስተግራ ጥግ 1፣ በቀረው 0 ነው፤ FE ደግሞ በታች በስተቀኝ ጥግ 1፣ በቀረው 0 ነው። ተራ መቀየር ለውጥ እንደሚያመጣ ለማሳየት ከእነዚህ ያነሰ ሥራ የሚጠይቅ ጥንድ ማግኘት ይከብዳል። E² ም F² ም ዜሮ ማትሪክስ ናቸው፤ (E + F)² ግን አይደንቲቲ ነው። A² + 2AB + B² የሚለው ምርጫ በ E እና F ሲሞከር 2EF ን ብቻ ይሰጣል፤ ይህም በላይኛው ጥግ 2 እንጂ አይደንቲቲ አይደለም፤ ምርጫው ወደቀ። EF + FE ግን አይደንቲቲን ይሰጣል። አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ በ E እና F የወደቀ ምርጫ በእርግጥ ስሕተት ነው፣ ያልወደቀ ምርጫ ግን ትክክል ነው ለማለት አይበቃም። ከአራቱ ሦስቱ ሲወድቁ ብቻ ነው ሙከራው መልስ የሚሰጠው።

ጥያቄው አንዳንድ ጊዜ ሆነ ብሎ ተራ የማይለይባቸውን ሁኔታዎች ያስገባል፤ እነሱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ተማሪው ከአንዱ ጽንፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባና «መቼም እኩል አይሆንም» የሚለውን ያጠቁራል። ማንኛውም ካሬ ማትሪክስ ከአይደንቲቲ ጋር፣ ከራሱ ኃይሎች ጋርና፣ ኢንቨርስ ካለው፣ ከራሱ ኢንቨርስ ጋር በየትኛውም ተራ ቢባዛ ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ (A + I)² = A² + 2A + I ትክክል ነው፤ ይህን የሰረዘ ተማሪ ደንቡን ከሚገባው በላይ ለጥጦታል። መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ዳያጎናል ማትሪክሶችም ተራ አይለያቸውም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ዳያጎናል መሆኑ አይበቃም።

```
D = | 1  0 |     A = | 1  1 |
    | 0  2 |         | 0  1 |

DA = | 1  1 |    AD = | 1  2 |
     | 0  2 |         | 0  2 |
```

ከግራ ሲባዛ D የ A ን ረድፎች ነው የሚያባዛው፤ ከቀኝ ሲባዛ ግን ዓምዶቹን። በላይ በስተቀኝ ያለው 1 በአንደኛው ረድፍና በሁለተኛው ዓምድ ስለሚገኝ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ በ 1፣ በሁለተኛው በ 2 ይባዛል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አጠቃላይ ምክንያቱም ይኸው ነው፦ በማትሪክስ ብዜት ፊተኛው የሚያቀርበው ረድፉን፣ ኋለኛው የሚያቀርበው ዓምዱን ነው፤ ቦታ ሲቀያየሩ ሥራቸውም ይቀያየራል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አርተር ኬይሊ የማትሪክስን ስሌት በ1858 በጽሑፍ ሲያደራጅ፣ ተራ መቀየር በጥቅሉ ውጤትን እንደሚለውጥ ገና ከመነሻው አስቀምጦታል።

ስለ ዲተርሚናንት የሚጠይቅ ምርጫ ከመጣ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ለሁለት 2×2 ማትሪክሶች det(AB) = det(BA) እውነት ነው፤ ዲተርሚናንቶቹ ተራ ቁጥሮች ስለሆኑ ቦታ መቀያየር ለውጥ አያመጣባቸውም። ይህ ግን AB = BA ማለት አይደለም፤ ከ E እና F የሚገኙት ሁለቱ ብዜቶች ሁለቱም ዲተርሚናንታቸው ዜሮ ሆኖ ሳለ የተለያዩ ናቸው። ካሬ ባልሆኑ ማትሪክሶች ላይ ደግሞ እኩልነቱ ራሱ ሊፈርስ ይችላል። በመጀመሪያው ምሳሌ የ AB ዲተርሚናንት 4×7 - 1×6 = 22 ሲሆን፣ 3×3 የሆነው BA ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው።

«ብዜቱ የለም» የሚለውን ምርጫ አያያዝ

ይህ ምርጫ አንዳንድ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚዘሉት፣ አንዳንዶች ደግሞ ግራ ሲገባቸው የሚሸሹበት ነው። ሁለቱም አያዋጣም፤ መልሱ ከሥር በተጻፈው መጠን ብቻ መወሰን አለበት። መጠኑ 2×3 የሆነ A ተሰጥቶ A² ከተጠየቀ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ካሬ አድርጎ የሚያቀርብ ምርጫ መኖሩ አይቀርም፤ 2×3 ከ 2×3 ጋር ግን መካከል ላይ 3 እና 2 ስለሚገናኙ ብዜቱ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጠምደው ግን ሁለቱም ብዜቶች እያሉ ቀጣዩ ሥራ የማይኖርበት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ምሳሌ A እና B ወስደን «AB - BA ስንት ነው?» ብንል፣ ምርጫዎቹ ዜሮ ማትሪክስ፣ አንድ 2×2 ማትሪክስ፣ አንድ 3×3 ማትሪክስና «አይገለጽም» ሊሆኑ ይችላሉ። ተራ ለውጥ አያመጣም ብሎ የሚያምን ተማሪ ያለ ምንም ስሌት ዜሮውን ያጠቁራል፤ ይህን ያስተዋለና መጠኑን ያልጻፈ ሌላው ደግሞ ሁለቱን ብዜቶች በትጋት አስልቶ፣ ከትልቁ ላይ ትንሹን ጥግ ላይ አስጠግቶ ለመቀነስ ይሞክርና ከሁለቱ ማትሪክሶች አንዱን ይመርጣል። AB 2×2፣ BA 3×3 መሆኑን ከፊደሎቹ ሥር የጻፈ ግን፣ መደመርና መቀነስ መጠናቸው እኩል በሆኑ ማትሪክሶች መካከል ብቻ እንደሚሠራ ስለሚያውቅ አራተኛውን አጥቁሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።